በነቀዝ እንክብል ቆርቆሮ ላይ ያሉት ሦስት ምልክቶች

በዋጃና በአካባቢው የራያ ቆላ ማሽላው ተወቅቶ ከገባ በኋላ የሚያሰጋው ነቀዝ ነው። ነቀዝን ለመግደል የሚውለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል በተለምዶ «የነቀዝ መድኃኒት» ይባላል። በቆርቆሮው ላይ የሚታተሙት ምልክቶች ግን ከዚህ ስም ጋር አይስማሙም።

ምልክቶቹ ቀይ ጠርዝና ነጭ መደብ ያላቸው፣ በማዕዘናቸው የቆሙ ካሬዎች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው የኬሚካሎች ምደባና መለያ ሥርዓት ውስጥ ዘጠኝ ዓይነት ሲሆኑ፣ በዚህ ቆርቆሮ ላይ በዋናነት የሚገኙት ነበልባል፣ የራስ ቅል እንዲሁም የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ናቸው።

በቀላሉ የሚያሳስተው ነበልባሉ ነው። ያየው ሰው «ከእሳት አርቀው» የሚል ብቻ ይመስለዋል። ይኸው ሥዕል ግን በቤንዚን ላይ ሲሆን የሚቀጣጠል ፈሳሽን፣ በዚህ እንክብል ላይ ሲሆን ደግሞ ውኃ ሲነካው ተቀጣጣይ ጋዝ የሚያወጣ ጠጣርን ያመለክታል። ልዩነቱን የሚናገረው ከሥዕሉ አጠገብ ያለው የአደጋ መግለጫ፣ በመለያ ቁጥሩ H260፣ ነው። ስለዚህ የዚህ ነበልባል ዋና መልእክት «ከውኃ አርቀው» የሚል ነው፤ እሳት ቢነሳም በውኃ ማጥፋት ነገሩን ያባብሳል፣ የሚያስፈልገው ደረቅ አሸዋ ነው።

የራስ ቅሉ ከነበልባሉ ጋር የተያያዘ ነው። እንክብሉ የአየሩንና የእህሉን እርጥበት ስቦ የሚያወጣው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ነውና። ባለ 3 ግራም እንክብል 1 ግራም ያህል ፎስፊን ይሰጣል። አንድ ቤተሰብ ጎኑ 4 በ4፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ በከረጢት ማሽላ አጠገብ ይተኛል እንበል። ክፍሉ 40 ሜትር ኩብ ነው። የአንዱ እንክብል ጋዝ ሳይወጣ ቢቀር መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ወደ 20 ገደማ ይደርሳል። በአሜሪካ ለሠራተኛ በስምንት ሰዓት አማካይ የተፈቀደው 0.3 ብቻ ነው። ሦስት እንክብል ከገባ ደግሞ ለሕይወት አስጊ ተብሎ ከተቀመጠው 50 ያልፋል። ጋዙ አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ሽታው የሚመጣው ግን በአብዛኛው አብረውት ካሉ ባዕድ ነገሮች ስለሆነ፣ ሽታ አለመኖሩ ጋዝ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ሦስተኛው ምልክት ዛፍ ቢኖርበትም የሚያስጠነቅቀው በውኃ ውስጥ ስለሚኖሩ ፍጥረታት ነው፤ በመስኖ ቦይ አጠገብ ባዶውን ቆርቆሮ ማጠብ የሚከለከለው በዚህ ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ የቀረው ግራጫ ዱቄት ያልጨረሰ ፎስፋይድ ሊኖረው ስለሚችልም ነው።

እነዚህ ሁሉ ማስጠንቀቂያዎች የታተሙት በቆርቆሮው ላይ ነው። እንክብሉ በፍሬ ተቆጥሮ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ፣ ወደ ገዢው ቤት የሚደርሰው ያለ ምልክት፣ «መድኃኒት» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ነው።