ስናዳምጣት የምትጮኽ ልብ

ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች ስለ ልባቸው ሲያወሩ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ሌሊቱን ነው። «ቀን ምንም አይለኝም፤ ጋደም ስል ነው ልቤ የምትዘለው» ይላሉ። «ቀጥ ትልና ከዚያ ድው ትላለች» የሚሉም አሉ። እንዲህ ሲሉ ልብ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ከሞላ ጎደል በትክክል ነው የሚናገሩት።

አንዲት የ27 ዓመት ወጣት እናስብ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራ ስትለፋ ውላ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሏ በግራ ጎኗ ተኝታለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ ኤሲውም ለአፍታ ጸጥ ብሏል። ልቧ በደቂቃ 60 ጊዜ፣ ማለትም በየሰከንዱ አንድ ጊዜ እየመታች ነው። በዚህ መሀል አንድ ምት ሰከንዱ ሳይሞላ ቀድሞ ይመጣል። ልብን የሚያስመታው የኤሌክትሪክ ምልክት ዘወትር የሚነሣው በላይኛው የቀኝ የልብ ክፍል ካለች አንዲት ትንሽ ቦታ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ሌላ ቦታ ያለ የልብ ጡንቻ ተራውን ሳይጠብቅ ምልክት ይሰጣል። ያን ጊዜ ልብ ገና በደም ስላልሞላች ምቱ ደካማ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ የእጅ አንጓ ላይ እንኳ አይሰማም። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት መደበኛ ምልክት ሲደርስ ደግሞ ጡንቻው ገና አላረፈምና ምት ሳይፈጥር ያልፋል። በዚህ ምክንያት በደካማው ምትና በቀጣዩ ሙሉ ምት መካከል አንድ ሰከንድ ተኩል ሊሆን ጥቂት የቀረው ዝምታ ይፈጠራል። «ቀጥ አለች» የምትለው ይህን ዝምታ ነው።

በዝምታው ጊዜ ልብ ከወትሮው በላይ በደም ትሞላለች። ቀጥሎ የሚመጣው ምት ያን ሁሉ ደም የሚገፋ ስለሆነ ደረትን የሚመታ ያህል ይጠነክራል። እንግዲህ ልጅቷን ከአልጋዋ ያስነሳት «ድው» ያለው ምት በቦታው የመጣው፣ ጤነኛው ምት ነው። ያለጊዜው የመጣውን ምት ግን ጭራሹን ልብ አላለችውም።

እንዲህ ያለ ምት ምን ያህል የተለመደ ነው? ልብ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ትመታለች። እ.ኤ.አ. በ2023 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» ላይ የወጣ አንድ ጥናት 100 ጤነኛ ሰዎች ላይ የልብ መመዝገቢያ ለጥፎ ቡና የጠጡባቸውን ቀናት ካልጠጡባቸው ጋር አነጻጽሯል። ቡና በጠጡባቸው ቀናት ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሡት ያለጊዜው የሚመጡ ምቶች በአማካይ 154 ነበሩ፤ ባልጠጡባቸው ቀናት 102። ቡናው ቁጥሩን ከፍ ማድረጉ እውነት ነው፤ እንቅልፋቸውንም በቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀንሶታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለተኛው ቁጥር ነው። ቡና ሳይቀምሱ፣ ምንም ሕመም ሳይኖርባቸው፣ በአማካይ በቀን መቶ ያህል። አማካይ ነውና አንዳንዱ ሰው ጥቂት፣ አንዳንዱ እጅግ ብዙ ነበረው።

ታዲያ ልጅቷ ቀን ላይ ለምን አትሰማውም? ምንጣፍ ስትጠርግና ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ልቧ በደቂቃ 110 ጊዜ ትመታለች፤ ምቶቹ ተቀራርበው ስለሚመጡ ላልታሰበ ምት የሚተርፍ ክፍተት ብዙም የለም፤ ዝምታ ቢፈጠርም በጣም አጭር ነው። ሌሊት ልብ ስትረጋ ክፍተቱ ይሰፋል። በግራ ጎን መተኛት ልብን ወደ ደረት ግድግዳ ያስጠጋታል። ጆሮ ትራስ ላይ ሲጫን ደግሞ በጆሮ አካባቢ ያለው የደም ሥር ትርታ ይሰማል። የሪያድም ኑሮ የራሱ ድርሻ አለው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ እየወጣ በላብ ውኃና ጨው ይሄዳል፤ እንቅልፍ አጭር ነው፤ ድካምን ለመግፋት ቡናና ኃይል ሰጪ መጠጥ ይደራረባል። እነዚህ ሁሉ ያለጊዜው የሚመጣውን ምት ሊያበዙት ይችላሉ። ይሁንና ከሦስትና ከአራት ምት ተነሥቶ እስከ ንጋት የሚዘልቅ ጭንቀት ለምን እንደሚመጣ ይህ ብቻ አያስረዳም። እሱን የሚያስረዳው ማዳመጡ ነው።

አእምሮ ከሰውነት የሚደርሰውን ምልክት ሁሉ አይነግረንም። ቢነግረን ኖሮ የሆድ መንቀሳቀስ፣ የልብስ መነካካት፣ የዓይን መርገብገብ ቀኑን ሙሉ በያዘን ነበር። የሚያሳልፈው አስፈላጊ ነው ብሎ የመደበውን ነው። ልጅቷ ያን ሌሊት «ልቤ ልትቆም ነው፤ እዚህ ብሞት ማን ያውቃል?» ብላ ስታስብ አእምሮዋ የልብን ምልክት ከአስፈላጊዎቹ አንደኛ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ትናንት ሳይሰማ ያልፍ የነበረው ተራ ምት ሁሉ ይሰማታል። ምቱ ሳይበዛ፣ የምትሰማው ይበዛል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን በሰውነትም ላይ ይሠራል። ስትደነግጥ አድሬናሊን ይለቀቃል፤ የልቧ ምት ከ60 ወደ 95 ይወጣል፤ እያንዳንዱ ምትም ይጠነክራል። አድሬናሊን ያለጊዜው የሚመጣውን ምት ራሱን ሊያነሣሣም ይችላል። ደግሞ ልቧን በደንብ ለመስማት ብላ ሳታስበው ትንፋሿን ትይዛለች። የልብ ምት ከትንፋሽ ጋር ስለሚሄድ፣ ወደ ውስጥ ስንተነፍስ ፈጠን፣ ስናስወጣ ቀሰስ ይላል፤ ትንፋሽ ሲያዝና ሲለቀቅ ምቱ ወጣ ገባ ይሆንባታል። ያንን ስትሰማ ፍርሃቷ እንደተረጋገጠ ትቆጥረዋለች። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 የድንጋጤ ሕመምን ያስረዳው በዚሁ ዙር ነው፤ የሰውነት ስሜት ይመጣል፣ እንደ አደጋ ይተረጎማል፣ ትርጉሙ ፍርሃት ይወልዳል፣ ፍርሃቱ ስሜቱን ያበረታዋል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጄኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት ልባችን እየመታ አስቸገረን የሚሉ ወጣት ወታደሮችን ሲያይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ እነርሱ ጽፏል። ከቤታቸው ርቀው፣ በድካምና በስጋት የኖሩ ወጣቶች ነበሩ። የእኛን ልጆች የሪያድ ኑሮ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን ትኩረቴን እንደሚስበው ይገባዋል።

ዙሩን በዓይን ማየት የሚፈልግ፣ የልብ ሕመም እንደሌለበት ያወቀ ሰው ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላል። ቀን ላይ ቁጭ ብሎ ለሁለት ደቂቃ ዓይኑን ጨፍኖ ልቡን ብቻ ያዳምጥ። ቀጥሎ ለሁለት ደቂቃ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ብቻ ይከታተል፤ የመኪናውን፣ የአዛኑን፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን። ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ልቡን ደረቱ፣ አንገቱ፣ አንዳንዴም ሆዱ ላይ ያገኛታል፤ በቀጣዮቹ ሁለት ደቂቃዎች ትጠፋለች። በአራት ደቂቃ ውስጥ ልቡ አልታመመችም፣ አልዳነችምም፤ የተቀየረው ትኩረቱ ያረፈበት ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን «ጭንቀት ነው» ተብሎ መሸኘት የሌለበት ሰው እንዳለ አልረሳም። በሥራ ወይም በሩጫ መሀል የሚመጣ የልብ መዝለል፣ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው መኖሩ ሳይውል ሳያድር መመርመርን ይጠይቃል። አገራችን ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በልጅነቱ የልብ ሕመም አለብህ ተብሎ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋ የነበረ ሰው፣ የጉሮሮ ቁስል ያስከተለው የልብ በር ጉዳት ሊኖርበት ይችላልና የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። እንቅርት ያለበት ሰው የታይሮይድ፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት የደም ማነስ ምርመራ ትጠይቅ። የታይሮይድ መብዛትም ሆነ የደም ማነስ ልብን ያስሮጣሉ። ራሱን የሳተ ወይም የደረት ሕመም የያዘው ሰው ካለ ሪያድ ላይ የአምቡላንሱ ቁጥር 997 ነው፤ ለምክር ደግሞ የጤና ሚኒስቴሩ 937 ሌት ተቀን ይሠራል።

ክሊኒክ ስትደርስ ቋንቋው ላስቸገራት እህት፦ የልብ መዝለሉን ዓረቦቹ «ኸፈቃን» ይሉታል፤ ኢሲጂውን ደግሞ «ተኽጢጥ አልቀልብ»። «ልቤ ያመኛል» ብቻ ካለች ለሌላ ነገር ሊመረምሯት ይችላሉ። የኢሲጂው ወረቀት የሚመዘግበው አሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ ሌሊት የሚመጣውን ምት ላያገኘው ይችላል። ችግሩ ከተደጋገመ ሐኪሙ ለ24 ሰዓት የሚታሰር፣ ሆልተር የሚባል የልብ መመዝገቢያ ሊያዝላት ይችላል። ያን ጊዜ የምትሠራው አንድ ዋና ሥራ አለ፤ ልቧ በዘለለች ቁጥር ሰዓቱን ከነደቂቃው መጻፍ። ሐኪሙ ወረቀቷን ከምዝገባው ጋር ሲያስተያይ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ነገር ለታማሚዋ አዲስ ነው። «ዘለለች» ብላ በጻፈችበት ሰዓት ምቱ ፍጹም መደበኛ ሆኖ ይገኛል፤ ያለጊዜው የመጡት ምቶች ደግሞ ምንም ባልጻፈችበት ሰዓት ተመዝግበዋል። ሐኪሙ ብዛታቸውንም ይቆጥራል። ከቀኑ ምት ከአሥር አንዱና ከዚያ በላይ ያለጊዜው የሚመጣ ከሆነ፣ ብዛቱ ራሱ ከጊዜ በኋላ የልብን ጡንቻ ሊያደክም ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋል። በቀን መቶ ወይም ሁለት መቶ ከዚያ በጣም የራቀ ነው።

ውጤቱ ደህና ከሆነ በኋላ ከባዱ ሥራ ይጀምራል፤ መፈተሽን ማቆም። ጣትን አንገት ላይ ማድረግ፣ የእጅ ሰዓቱ ላይ ምት ማየት፣ ሌሊት ዩቲዩብ ላይ ስለ ልብ ሕመም መፈለግ ለጊዜው እፎይ ያሰኛሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን አእምሮ «ይህን ያህል የሚፈተሽ ነገር አደገኛ መሆን አለበት» ብሎ ማዳመጡን ያጠብቀዋል። በአንድ ጊዜ መተው ካልተቻለ መቀነስ ይቻላል፤ በቀን ሃያ ጊዜ የሚነካ አንገት ይህን ሳምንት አምስት ጊዜ ቢነካ መንገዱ ተጀምሯል። ሌሊት ልብ ስትዘል «አትዝለዪ» ብሎ መታገል ራሱ ማዳመጥ ስለሆነ አይረዳም። ወደ ቀኝ ጎን ዞሮ፣ ምቱ እንደመጣ እንዲሄድ ትቶ፣ ጆሮን ለሌላ ድምፅ፣ ለጸሎትም ሆነ ዝቅ ብሎ ለተከፈተ ሬዲዮ መስጠት ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ፍርሃቱ ከወትሮው ሊብስ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ያልቀነሰለት፣ እንቅልፍና ሥራ የነሣው ሰው ሐኪሙን ስለ ድንጋጤ ሕመም ሕክምና ይጠይቅ። ምቱ ራሱ በጣም ለሚያስቸግራቸው ደግሞ ቤታ ብሎከር የሚባል መድኃኒት ይታዘዛል፤ አስም ያለበት ሰው ግን ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት።