ቡቺ መቻል ሲባል

አንድ ቤተሰብ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ የአራት ዓመት ውሻውን ለዘመድ ሰጠ እንበል። ውሻው ቡቺ ይባላል፤ የአዲሱ ቤት ጎረቤትም ቡቺ የሚባል ውሻ አለው። ጎረቤት የራሱን ሲጠራ ይሄኛው እየሮጠ ወደ አጥሩ ይሄዳል፣ ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። ይህ ከተደጋገመ ለስሙ ደንታ ማጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ቤተሰቡ «መቻል» ሊለው ወሰነ።

ያደገ ውሻ አዲስ ስም አይለምድም የሚሉ አሉ፤ ይለምዳል። ስም ለውሻ «ወደ እኔ ተመልከት» የሚል ምልክት ነው። ድምፁን ሰምቶ ሲዞር ጥሩ ነገር ካገኘ፣ ምልክቱ ይያዝለታል።

ሥራው ጸጥ ባለ ቦታ ይጀመራል። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ጥፍር በሚያህል መጠን ይቆረጥ። ወጥ የነካው እንጀራ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ውሻው አጠገብዎ ሳለ «መቻል» ይበሉና ወዲያው ያጉርሱት። አምስት ስድስት ጊዜ ከደገሙ በኋላ ይተዉት፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ድምፁን ሲለምድ ሁለቱን ስሞች ያገናኙ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ አዲሱ ይቀድማል፣ አሮጌው ይከተላል። «መቻል» ብለው ጥቂት ቆም ይበሉ፣ ከዚያ «ቡቺ»፤ ሲዞር ያጉርሱት። «ቡቺ» ከቀደመ ውሻው በሚያውቀው ስም ይዞራል፣ አዲሱን ማዳመጥ አያስፈልገውም። በትክክል ከሄደ ግን «መቻል» ሲባል «ቡቺ» እንደሚከተል ይገባውና ሁለተኛውን ሳይጠብቅ መዞር ይጀምራል። ያኔ አሮጌውን ይተዉት።

መልመዱን ለማወቅ ሌላ ነገር እያየ ሳለ በተለመደው ድምፅዎ ይጥሩት። ከአስር ጊዜ ስምንቱን ከዞረ ወደ ግቢው፣ ቀጥሎም ወደ በሩ አካባቢ ይውሰዱት። ካልዞረ ስሙን አይደጋግሙ፤ መልስ ሳያገኝ አሥር ጊዜ የተጠራ ስም ከንቱ ጩኸት ይሆናል። ቀረብ ብለው በቀላሉ ይጀምሩ።

ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው የቤቱ ሰው ነው። አንዱ «መቻል»፣ ሌላው «መቺ» ካለው ምልክቱ ይደበዝዛል። በአዲሱ ስም መቆጣት፣ ጠርቶ ማሰር ወይም ማጠብም ያንኑ ያህል ይጎዳል።

አንዳንድ ውሻ አሮጌ ስሙ ሲጠራ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ ጭራውን በእግሮቹ መሀል ይሸጉጣል። ምናልባት በዚያ ስም ተደብድቦ ይሆናል። እንዲህ ላለው ሁለቱን ስሞች ማገናኘት ፍርሃቱን ወደ አዲሱ ማሻገር ነው፤ አሮጌውን ጨርሶ ሳያነሱ በአዲሱ ብቻ ይጀምሩ።

እንደ ቡቺ በስሙ የማይፈራ ከሆነ ግን አሮጌውን ስም የቤቱ ሰው ሁሉ ያስታውሰው። በር ተከፍቶ ወደ መኪና መንገድ ከወጣ፣ አዲሱ ገና ያልጸና ከሆነ፣ የሚጠራው በቀድሞው ስሙ ነው።