አሥራ አምስት አሃዝ ሲገጥም

ከተገለገሉበት የስልክ ካርቶን ውስጥ 490154203237518 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ቢወድቅ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስልክ ቁጥርን ነው። ጥርጣሬው መሠረት የለውም አይባልም፤ 49 የጀርመን የአገር መለያ ነውና። ነገር ግን ከመደወል በፊት አሃዞቹን መቁጠር ይሻላል።

የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር በ0 ሲጀምር አሥር አሃዝ ነው። በ251 ሲጀምር ደግሞ ዜሮው ይወድቅና አሥራ ሁለት ይሆናል። በዓለም አቀፉ ደንብ ማንኛውም ስልክ ቁጥር የአገር መለያውን ጨምሮ ከ15 አሃዝ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ አሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ አሃዝ ያለው ቁጥር፣ ሁለት ስልክ ካልተጣበቀበት በቀር፣ ሌላ ነገር ነው። የወረቀቱ ቁጥር ግን ልክ 15 ነው፤ በርዝመቱ ብቻ አይጣልም። የሚያጋልጠው ከ49 ቀጥሎ የተቀመጠው ዜሮ ነው። ከውጭ ወደ ጀርመን የሚደውል ሰው፣ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚደውለው ሁሉ፣ ከአገር መለያው በኋላ ያንን ዜሮ አይጽፍም።

እንግዲህ ስልክ ቁጥር ካልሆነ፣ የስልኩ የራሱ መለያ ቢሆንስ? እያንዳንዱ ሞባይል አይኤምኢአይ የሚባል ባለ 15 አሃዝ መለያ አለው፤ *#06# ሲነካ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የዚህ መለያ የመጨረሻ አሃዝ እንዲሁ የተቀመጠ አይደለም፤ ከፊቱ ካሉት አሥራ አራቱ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ስሌቱን የፈለሰፈው የአይቢኤም መሐንዲሱ ሃንስ ፒተር ሉን ነው፤ የባለቤትነት ማመልከቻውን ያስገባው በ1954 እ.ኤ.አ. ነበር። የባንክ ካርዶችም የሚፈተሹት በዚሁ ነው።

እስክሪብቶ ያለው ሰው ራሱ ሊሠራው ይችላል። ከቀኝ ተነስቶ አንዱን እየዘለለ ሌላውን በሁለት ያባዛል። ውጤቱ ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነ ሁለቱን ይደምራል፤ 7 ሲባዛ 14 ይሆናል፣ 1 እና 4 ደግሞ 5 ይሰጣሉ። በወረቀቱ ቁጥር ላይ የሚባዙት 1፣ 7፣ 2፣ 0፣ 4፣ 1 እና 9 ናቸው፤ ተባዝተው ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። የተዘለሉት ስምንቱም ድምራቸው 30 ነው። ጠቅላላው 60፤ በዜሮ ስላለቀ ቁጥሩ ፈተናውን አለፈ። ገልባጩ ተሳስቶ መጨረሻ አካባቢ ያለውን 75 ወደ 57 ቢያዛውረው ኖሮ ድምሩ 58 ይመጣ ነበር።

ይህ ፈተና የማይችለው ነገር አለ። በዘፈቀደ ከተነካኩ አሥር ቁጥሮች አንዱ ያህል በአጋጣሚ ያልፈዋል። ስለዚህ «አላለፈም» የሚለው መልስ «አለፈ» ከሚለው ይልቅ ይታመናል። ያለፈውን ለማረጋገጥ *#06# ነክቶ ስክሪኑ ላይ ከሚወጣው ጋር ማስተያየት ነው። ስልክ ቁጥር ደግሞ ጭራሹን እንዲህ ያለ የማረጋገጫ አሃዝ የለውም፤ አንድ አሃዝ ቢሳሳት የሌላ ሰው ስልክ ይጮኻል እንጂ ስህተቱን የሚይዝ ስሌት የለም።

ልጅ ስልክ ይዞ ሲጫወት የሚጽፈውን መለየት የሚቀለው በዓይን ነው። 147258369147258 እንዲሁ አሥራ አምስት አሃዝ ነው፤ የስልኩን ቁልፎች እያዩ በጣት ቢከተሉት ግን ከላይ ወደ ታች፣ ዓምድ በዓምድ የወረደ ሆኖ ይገኛል። በሉን ስሌትም 69 ወጥቶ ይወድቃል። ሕፃን ደግሞ አንድ ቁልፍ ደጋግሞ ይመታና ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። አስቸጋሪው ሆን ብሎ የፈጠራ ቁጥር የሚጽፍ አዋቂ ነው። እሱ «የተደባለቀ» እንዲመስልለት አንድን አሃዝ ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጻፍ ይፈራል፤ በእውነተኛ ዕጣ ግን በሠላሳ አሃዝ ውስጥ ሦስት ያህል ቦታ ተመሳሳይ አሃዞች ጎን ለጎን ይወድቃሉ። በአጭር ቁጥር ላይ ግን ይህ ምልክት ብቻውን ማንንም ሐሰተኛ ለማለት አይበቃም።

251 ባለበት ሁሉ ስልክ አለ ማለትም አይደለም። በሲም ካርድ ጀርባ የሚታተመው ረጅም ቁጥር በ89 ይጀምራል፤ የአገር መለያው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያው የደበዘዘ ሲም ላይ 251ን ያየ ሰው ስልክ ቁጥር ያገኘ ሊመስለው ይችላል።

ቁጥሩ በኤክሴል በኩል አልፎ ከመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን እንደ ሒሳብ ቁጥር ከወሰደው በ09 የሚጀምረውን ስልክ ዜሮውን ጥሎ ዘጠኝ አሃዝ ያደርገዋል። ከአሥራ አምስተኛው ቀጥሎ ያለውንም ወደ ዜሮ ይለውጣል። ባለ 16 አሃዝ የካርድ ቁጥሮች የተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ ላይ ሁሉም በ0 የሚያልቁ ከሆነ፣ የመጨረሻው አሃዝ እዚያው ጠፍቷል፤ ዋናው ሰነድ ተፈልጎ ዓምዱ «ጽሑፍ» ተብሎ ከተመረጠ በኋላ እንደገና መግባት አለበት።