ተናጋሪው ያላለውን ማጠቃለያው ሲል

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን «አፖሎ 13» የተሰኘ ፊልም ያየ ሰው አንድ ንግግር አይረሳም። አዛዡን ጂም ሎቬልን ሆኖ የተወነው ቶም ሃንክስ «ሂውስተን፣ ችግር አለብን» ይላል። የእውነተኛው በረራ የሬዲዮ ንግግር ተቀድቶ፣ ቃል በቃል ተገልብጦ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። እሱን ያነበበና ድምፁን ያዳመጠ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። ስለ ችግሩ መጀመሪያ የተናገረው ሎቬል ሳይሆን ጃክ ስዊገርት ነው፤ ያለውም «እሺ ሂውስተን፣ እዚህ ችግር አጋጥሞናል» ነው።

ፊልም ሠሪ እንዲህ ቢያደርግ ማንም አይከሰውም። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ጸሐፊ፣ የአንድ ሰዓት ቃለ ምልልስ በግማሽ ገጽ የሚያሳጥር ጋዜጠኛ ወይም የምስክር ቃል የሚያጠቃልል ባለሙያ ግን ይህ መብት የለውም። ሥራው ማሳጠር እንጂ ማሻሻል አይደለም። ችግሩ ያለው ማጠቃለያ በተጻፈበት ዕለት ደግሞ ስህተቱ ለዓይን አይታይም። አቀራረቡ ያምራል፣ ሐሳቡ ይያያዛል፣ አንባቢውም ይረካል። ጉድለቱ የሚወጣው ማጠቃለያው ከግልባጩ ጋር አንድ በአንድ ሲመሳከር ብቻ ነው። እንዴት እንደሚመሳከር ለማየት ከዚሁ ከአፖሎ 13 የሬዲዮ ንግግር የ14 ደቂቃ ያህል ቁራጭ እንውሰድ።

በሂውስተን አቆጣጠር ሚያዝያ 5 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ ነው። መንኮራኩሩ ከምድር ከ320 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል። ግልባጩ ጊዜን የሚቆጥረው ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። በ55 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ስዊገርት ችግር ማጋጠሙን ተናገረ። ከምድር ያነጋገራቸው የነበረው ጃክ ሉዝማ «እባክህ ድገመው» አለ። ከ15 ሰከንድ በኋላ ሎቬል ደገመውና «ቢ» በሚባለው ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ቮልቴጅ መውረዱን ጨመረ። ቀጥሎ ፍሬድ ሄይዝ ገባ። አሁን ቮልቴጁ ደህና እንደሚመስል፣ ማስጠንቀቂያው ሲበራ ጠንከር ያለ «ዷ» የሚል ድምፅ እንደተሰማ ነገራቸው፤ ከዚያም «እንደማስታውሰው ከሆነ» ሲል ጀምሮ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ጅረቱ በድንገት የዘለለው በዚሁ በቢ መስመር እንደነበር አከለ። በመካከሉ የሁለተኛው የኦክስጅን ታንክ መለኪያ ዜሮ እንደሚያሳይ ተነገረ። ከመጀመሪያው ቃል 14 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሎቬል በመስኮት አየና «እኔ እንደሚመስለኝ የሆነ ነገር ወደ ውጭ እየወጣ ነው» አለ። ምን እንደሆነ ሲናገርም «አንድ ዓይነት ጋዝ ነው» ከማለት አላለፈም።

አሁን ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአራት ዓረፍተ ነገር አሳጠረው እንበል፦

«አዛዡ ሎቬል ችግር መፈጠሩን ለሂውስተን አስታወቀ። በኦክስጅን ታንክ ፍንዳታ ምክንያት የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ መውረዱንም ገለጸ። የቢ መስመር ቀደም ሲልም ችግር እንደነበረበት አረጋገጠ። ወዲያውም ኦክስጅን ወደ ሕዋ እየፈሰሰ መሆኑን በመስኮት ተመልክቶ ተናገረ።»

ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። የአፖሎ 13ን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ «ትክክል ነው» ብሎ ሊያልፈውም ይችላል። የማመሳከሪያው የመጀመሪያ እርምጃ ግን ዓረፍተ ነገሮቹን እንዳሉ አለመውሰድ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለትና ሦስት አባባል በአንድነት ይይዛል፤ ስለዚህ ይፈታና እያንዳንዱ አባባል ቁጥር ይሰጠዋል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለምሳሌ አራት ነገር ይላል፦ ቮልቴጅ ወረደ፤ ታንክ ፈነዳ፤ የወረደው በፍንዳታው ምክንያት ነው፤ ይህን ሁሉ ያለው ሎቬል ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የግልባጩ ሰዓት ይጻፋል። ሰዓት ሊጻፍለት ያልቻለ አባባል ማስረጃ የለውም ማለት ነው።

ቮልቴጅ መውረዱ ሰዓት አለው፤ ያለውም በእርግጥ ሎቬል ነው። ታንክ መፈንዳቱ ግን በዚህ ቁራጭ ውስጥ የለም። ያለው የተሰማ ድምፅና ዜሮ ያሳየ መለኪያ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አገናኝቶ «ፍንዳታ» አላቸው፣ በላዩም «ምክንያት» የሚል ድልድይ ሠራ። የተፈጠረ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። ከባዶ አይፈለሰፍም፤ እውነተኛ የሆኑ ሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ስለዚህ «ምክንያት»፣ «በመሆኑም»፣ «ይህን ተከትሎ»፣ «ወዲያውም» የሚሉ ማያያዣዎች ራሳቸውን እንደቻሉ አባባሎች ተቆጥረው ይመረመራሉ። እዚህ «ወዲያውም» የሚለው ቃል 14 ደቂቃ ያህል ውጧል።

ለመያዝ በጣም የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። ታንኩ በእርግጥ ተጎድቶ ነበር። አደጋውን የመረመረው ቦርድ በዚያው ዓመት በሰኔ ባወጣው ሪፖርት ምንጩ ሁለተኛው የኦክስጅን ታንክ መሆኑን አስታውቋል። ወደ ውጭ ሲወጣ የታየውም ጋዝ ኦክስጅን ነበር። ታዲያ ማጠቃለያው ምን አጠፋ? ያጠፋው በኋላ የታወቀውን በዚያች ቅጽበት ሰዎች አፍ ውስጥ መክተቱ ነው። አመሳካሪው ራሱ ታሪኩን ካወቀ ዓይኑ እንዲህ ያለውን ነገር ያለጥያቄ ያሳልፋል፤ ምክንያቱም የሚያውቀው እውነት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይህ እውነት ነው?» ሳይሆን «ይህ እዚህ ተብሏል?» መሆን አለበት። ከሌላ ምንጭ የመጣ መረጃ አስፈላጊ ከሆነ ምንጩ ተጠቅሶ ለብቻው ይቀመጣል።

ሁለተኛው ዙር ባለቤትን ይመለከታል፤ ማን አለ? በማጠቃለያው ሁሉንም የተናገረው ሎቬል ነው። በግልባጩ ሦስት ሰዎች አሉ። ስህተቱ አቅጣጫ አለው፦ ንግግር ከታናሹ ወደ ታላቁ፣ ከማይታወቀው ወደ ታዋቂው ይሄዳል። በእድር ስብሰባም የአንድ አባል ሐሳብ በቃለ ጉባኤው ላይ የሰብሳቢው ሆኖ ሲገኝ የሚሆነው ይኸው ነው። በአማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። «አሉ» የሚለው ግስ አንድን የተከበረ ሰው ሊያመለክት ይችላል፤ ብዙ ሰዎችንም ሊያመለክት ይችላል። «ሰብሳቢው ሪፖርት አቀረቡ። በጀቱ አይበቃም አሉ» ሲባል ያለው ሰብሳቢው ነው ወይስ ተሰብሳቢው? አመሳካሪው እንዲህ ያለ ግስ ባገኘ ቁጥር ባለቤቱን በስም ወይም በሥራ ድርሻ እንዲጻፍ ማድረግ አለበት።

ሦስተኛው ዙር አቅጣጫውን ይገለብጣል። እስካሁን ከማጠቃለያው ተነሥተን ወደ ግልባጩ ሄድን። የተጨመረውን እንዲህ ማግኘት ይቻላል፤ የተጣለውን ግን አይቻልም፤ የሌለ ነገር ቁጥር አይሰጠውምና። ስለዚህ አሁን ግልባጩ ይነበብና የጥንቃቄ ቃላቱ ይሰመርባቸዋል፦ «ይመስለኛል»፣ «እንደማስታውሰው»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ምናልባት»፣ «ከሆነ»፣ «አንድ ዓይነት»። ከዚያ እያንዳንዳቸው የተያያዙበት ሐሳብ ማጠቃለያው ውስጥ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ሐሳቡ ከሌለ ጥንቃቄውም ባይኖር ችግር የለም። ሐሳቡ ገብቶ ጥንቃቄው ከቀረ ግን ስህተት ነው። አሳጣሪ አንድን አባባል ሙሉ በሙሉ የመተው መብት አለው፤ አባባሉን ይዞ ጥርጣሬውን የመጣል መብት የለውም።

በዚህ መለኪያ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ወዲያው ይወድቃል። ሄይዝ «እንደማስታውሰው» ብሎ የጀመረውን ጸሐፊው «አረጋገጠ» አደረገው። የጥንቃቄው መውደቅ በዚህ ግስ ውስጥ ተደብቋል። በአማርኛ ዜና «ገለጸ»፣ «አስታወቀ»፣ «አረጋገጠ»፣ «አመነ» ለጽሑፍ ጌጥ ሲባል ይፈራረቃሉ። ክብደታቸው ግን የተለያየ ነው። «አረጋገጠ» ማስረጃ አይቶ እንዳጸደቀ ይናገራል፤ «አመነ» ደግሞ ጥፋት ያለበት ያስመስላል። ጥርጥር ሲኖር «አለ» እና «ተናገረ» ይበቃሉ።

የጥንቃቄ ቃል ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወድቅ ግልባጩ ራሱ ያሳያል። ሎቬል «እኔ እንደሚመስለኝ» ብሎ ሲናገር ከምድር የመጣው መልስ «እሺ፣ ወደ ውጭ እየወጣ መሆኑን ሰምተናል» የሚል ነበር። «ይመስለኛል» የሚለው በመጀመሪያው ቅብብሎሽ ላይ ቀረ። ተቀባዩ አጣሞ አልነበረም፤ አሳጥሮ ነበር።

ሦስቱ ዙሮች ሲያልቁ ማጠቃለያው እንዲህ ሊታረም ይችላል፦ «ስዊገርት ችግር ማጋጠሙን ተናገረ፤ ሂውስተን ስትጠይቅ ሎቬል ደግሞ ነገራት፤ በቢ መስመር ቮልቴጅ መውረዱንም ጨመረ። ሄይዝ ኃይለኛ ድምፅ መሰማቱን ተናገረ፤ እንደሚያስታውሰው በዚሁ መስመር ላይ ቀድሞም ጅረቱ አንድ ጊዜ ዘልሎ ነበር። የሁለተኛው የኦክስጅን ታንክ መለኪያ ዜሮ ማሳየቱ ተነገረ። 14 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሎቬል በመስኮት አይቶ፣ አንድ ዓይነት ጋዝ ወደ ውጭ እየወጣ እንደሚመስለው ተናገረ።» ርዝመቱ በጥቂቱ ጨምሯል፤ ድራማውም ቀንሷል። አሁን ግን እያንዳንዱ አባባል ሰዓትና ባለቤት አለው።

ዘዴው ወሰን አለው። ግልባጩም የሰው ሥራ ነው፤ በተለይ ድምፃቸው የሚመሳሰል ሰዎች ሲቀባበሉ ስም ከስም ይለዋወጣል፤ «አይደለም» የሚለውም በጫጫታ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ስም፣ ቁጥርና አሉታ ያለባቸው አከራካሪ ቦታዎች ላይ ድምፁን መልሶ መስማት የግድ ነው። ፍለጋ ብቻውንም አይበቃም። ቃሉን ፈልጎ ያገኘ ሰው መስመሩን ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ጥንቃቄው ግን ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ተናጋሪውም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሐሳቡን አርሞ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ወሰን፣ ይህ ሥራ ተናጋሪው ትክክል ስለመሆኑ አይፈርድም። በዚያች ምሽት የመንኮራኩሩን ኤሌክትሪክ ከምድር ይከታተል የነበረው ሲ ሊበርጎት ለበረራ ኃላፊው ለጂን ክራንዝ የመለኪያ መሣሪያዎች ችግር ሊሆን እንደሚችል ነግሮት ነበር። ግምቱ ስህተት መሆኑ በኋላ ታወቀ። በዚያች ሰዓት የተባለውን የሚያጠቃልል ሰው ግን ይህን ግምት ሊያርመው አይገባም፤ «መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ተናገረ» ብሎ ሊያጠነክረውም አይገባም። «ሊሆን ይችላል» ያለውን «ሊሆን ይችላል» ብሎ ከጻፈ፣ የተሳሳተ ግምት በትክክል ተጠቃሏል።