አምስት መስመር ለሙሽራዋ

ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት እሑዶች ሳሪስ በሠርግ መኪና ጡሩምባ ነው የምትውለው። እንግዲህ በዚያ ግርግር መካከል አንዲት የአዲሱ ሰፈር ልጅ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች እንበል። የምታገባው የአክስቷ ልጅ ናት፤ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ትሪ ከበው ነው ያደጉት። ገንዘቡ ፖስታው ውስጥ ገብቷል። የቀረው ካርዱ ነው።

ከመደብር የተገዛው ካርድ ላይ «ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ» የሚል ምርቃት አስቀድሞ ታትሟል። ምርቃቱ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ግን የአባት ባልደረባም፣ የዕድር ጸሐፊም፣ ጎረቤትም የሚልኩት እሱኑ ነው። የአክስት ልጅ ያንኑ በእጇ ብትደግመው ሙሽራዋ ስሙን አይታ ወደሚቀጥለው ፖስታ ታልፋለች።

ካርዱ መቼና በማን ፊት እንደሚነበብ ማሰብም ያስፈልጋል። በሠርጉ ዕለት ሙሽራ ፀጉሯን ስትሠራ፣ ከቪዲዮና ከሚዜ ጋር ስትዋከብ ትውላለች። ፖስታዎቹ በብዙ ቤት የሚከፈቱት ዘግየት ብሎ፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። አንዷ ትከፍታለች፣ አንዱ የሰጪውን ስምና የገንዘቡን ልክ ደብተር ላይ ያሰፍራል፤ የሠርግ ስጦታ ብድር ነውና ነገ መመለስ አለበት። ካርድ ከተገኘ ደግሞ «እስቲ አንብቢው!» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ የቀድሞ ፍቅረኛ ጨዋታ፣ የቤት ኪራይ ያስጨነቀበት ዘመን፣ «ያ ሁሉ መከራ አልፎልሽ» የሚል ሐረግ አማቾች ፊት ሊነበብ ይችላል። የሞተ አባትን ማንሳትም ከባድ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ወይም ከመልስ በኋላ ለብቻ ቢባል ይሻላል።

ልጅቱ በመጀመሪያ የጻፈችው ገጽ ሙሉ ነበር። ግማሹ «ትዳር ትዕግሥት ይጠይቃል» የሚል ምክር ነው። ምክሩን የንስሐ አባትና ሽማግሌ ይሰጡታል፤ እኩያ፣ ያውም ያላገባች፣ ስትሰጠው ያስቃል። የቀረውን በአንድ ጥያቄ አጣራችው፦ ይህ መስመር ስም ተቀይሮ ለሌላ ሙሽራ ቢላክ ይሆናል? የሚሆነውን ሁሉ ሰረዘችው። ከስረዛው የተረፈው የባቡሩ ትዝታ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ መመላለስ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው፤ የዚያን ሰሞን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚሄድበት ሳይኖረው ይሳፈር ነበር። እነሱም ተሳፍረዋል። ካርዱ እንዲህ ሆነ፦

«እህት ዓለም፣
ባቡሩ የጀመረ ሰሞን ሁለቱም ጫማዎቼ ቢበጠሱ አንዱን ጫማሽን አውልቀሽ ሰጠሽኝና፣ ሁለታችንም በአንድ እግር ጫማ እየሳቅን እስከ ቤት ሄድን።
ሙሽራው፣ ያገባሃት ያቺን ልጅ ነው።
አብራችሁ አርጁ፤ እኔም እየመጣሁ ቡናችሁን ልጠጣ።
የአክስትሽ ልጅ፣ ጫማሽን ያልመለስኩት»

ሙሽራዋን «ደግ ነሽ» የሚል ቃል ካርዱ ውስጥ የለም፤ ጫማው ብሎታል። ከዚህ በላይ ሁለተኛ ትዝታ ቢጨመር የመጀመሪያውን ያደበዝዘዋል። የሚያናግረው ሰውም ይቀያየራል፦ በ«አንቺ» ይጀምርና ሙሽራውን አንዴ በ«አንተ» ያናግረዋል፣ ምርቃቱ ላይ ሁለቱን በ«እናንተ» ያጣምራል። እንዲህ ባለ ካርድ በጣም የሚረሳው ሙሽራው ነው፤ ከእሱ ጋር የጋራ ትዝታ ከሌላት ፈጥራ መጻፍ የለባትም፣ ወደ ትዝታው እሱን ማስገባት ብቻ ይበቃል። ሙሽራው በዕድሜ ገፋ ያለ ሆኖ ቤተሰቡ «እርስዎ» የሚለው ከሆነ ግን «አንተ» ድፍረት ይመስላል። ያን ጊዜ መስመሩን በ«እናንተ» ማዞር ነው።

ምርቃቱ አጭር የሆነው ትልልቆቹን ምርቃቶች ትልልቆቹ ሰዎች ስለሚሰጧቸው ነው። «ውለዱ፣ ክበዱ» ከአያት አፍ ያምራል። «ቡናችሁን ልጠጣ» ግን ከእህት በቀር ማን ደፍሮ ይለዋል?

አንጸባራቂ ወረቀት ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ካርዱ ወዲያው ከታጠፈ ጽሑፉ ፊት ለፊት ገጹ ላይ ይታተማል። ስለዚህ ከዋዜማው በፊት ጽፎ ክፍቱን ማሳደር ይሻላል። ሙሉ ስም ፖስታውም ካርዱም ላይ ይጻፍ፤ ቆጠራው ላይ ሁለቱ ሲለያዩ «ጫማሽን ያልመለስኩት» የሚለውን ደብተር የያዘው አጎት አያውቀውም። ካርዱ በዕለቱ እንዲነበብ ከተፈለገ ደግሞ ከስጦታ ሣጥኑ ይልቅ ለአንደኛዋ ሚዜ በእጅ መስጠት ነው፤ የሙሽራዋ ቦርሳ ያለው እሷ ዘንድ ነው።