የጠፋው ወረቀቱ እንጂ ቁጥሩ አይደለም

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የምስክር ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚታወሰው የጨረታ ሰነድ ማስገቢያው ሲደርስ ወይም ባንክ ብድር ሲጠየቅ ነው። መሳቢያው ተፈትሾ ወረቀቱ ሲጠፋ፣ ወይም ውኃ ገብቶበት ጽሑፉ ተሟሽሾ ሲገኝ፣ ነጋዴው ይጣደፋል።

በየመሥሪያ ቤቱ በር የሚቆሙ ጉዳይ አስፈጻሚ ነን ባዮች አዲስ ቁጥር ማውጣት ይቀላል ብለው ይመክራሉ። ምክሩ መጥፎ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለአንድ ግብር ከፋይ የሚፈቅደው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በዘዴ ሁለተኛ ቢገኝ እንኳ፣ ገዢዎች ቀንሰው ያስገቡት ቅድመ ግብር በአሮጌው ቁጥር ተመዝግቦ ይቀራል። አሮጌው ቁጥር ስላልተዘጋም ባለቤቱ ግብሩን እንዳላሳወቀ ተቆጥሮ መቀጫ ይከመርበታል።

ምትክ ማውጣት ይህን ያህል አያስቸግርም። ለጠፋ ወረቀት የፖሊስ ማስረጃ፣ ለተበላሸ ደግሞ የተበላሸው ወረቀት ራሱ ከማመልከቻና ከመታወቂያ ጋር ፋይሉ ላለበት ቅርንጫፍ ይቀርባል። ድርጅት ከሆነ ማመልከቻው ማኅተም ያረፈበት ሆኖ ሥራ አስኪያጁ ወይም ሕጋዊ ውክልና ያለው ሰው ያቀርበዋል።

ሰው የሚሰናከለው በመዝገቡ ነው። ለምሳሌ ከመርካቶ ወደ ቃሊቲ የተዛወረ ጨርቃ ጨርቅ አከፋፋይ እንውሰድ። አዲሱን ቦታ ከያዘ ስምንት ወር ሆኖታል፤ መዝገቡ ግን ዛሬም መርካቶ ነው የሚለው። ምትክ ብቻ ቢጠይቅ የሚታተምለት የመርካቶው አድራሻ ነው። የታደሰው ንግድ ፈቃዱ ደግሞ ቃሊቲ ይላል። የጨረታ ኮሚቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ጥያቄ ያነሳል።

አዋጁ የስም፣ የአድራሻ ወይም የዋና ሥራ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽ ያዛል። አከፋፋዩ ጊዜውን አሳልፏል፤ ቢሆንም ዝም ከማለት ዘግይቶ ማሳወቅ ይሻለዋል። አስቀድሞ የቃሊቲውን የኪራይ ውልና የታደሰ ፈቃዱን ይዞ አድራሻውን ያስለውጣል። ክፍለ ከተማው ስለተለየ ፋይሉ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል፤ ያን ጊዜ በቀድሞው ቅርንጫፍ ያልተከፈለ ዕዳ ወይም ያልቀረበ ማስታወቂያ ካለ ይወጣል። ቀናት የሚበሉት እዚህ ላይ ነው። ምትኩን የሚጠይቀው መዝገቡ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም እንዳይረሳ። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው አድራሻ መዝገቡ ሲታረም በራሱ አይለወጥም፤ በማሽኑ አገልግሎት ማዕከል በኩል መስተካከል አለበት።

አዲሱ ወረቀት እጅ ሲገባ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስሙን ከንግድ ፈቃዱ ጋር ፊደል በፊደል፣ ቁጥሩንም ከአሮጌ ደረሰኝ ጋር አኃዝ በአኃዝ ማመሳከር ይገባል። አሥር አኃዝ ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም።