ጠፍጣፋ ጣሪያ ውሃ ሲያቁር

በአውሮፓውያኑ ሰኔ 1979 በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ የሚገኘው የኬምፐር አሬና ጣሪያ በከባድ ዝናብ ወቅት ተደረመሰ። ከመንስኤዎቹ አንዱ በላዩ የተጠራቀመው ውሃ ነበር።

በ200 ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲቆም ክብደቱ 10 ቶን ይሆናል። ጣሪያው በክብደቱ ሲጎብጥ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ወደ ጎበጠው ቦታ ይሰበሰባል።

ይህን ለመከላከል ጣሪያው በየአንድ ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል፤ የውሃ መውረጃውም በዝቅተኛው ቦታ ይቀመጣል። መውረጃው በቅጠል ሊደፈን ስለሚችል፣ በጣሪያው ዙሪያ ግንብ ላይ ከመውረጃው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሁለተኛ ቀዳዳ ይከፈታል። ውሃ ከዚህ ቀዳዳ ሲፈስ ከታየ፣ ዋናው መውረጃ ተደፍኗል ወይም ለዝናቡ አልበቃም ማለት ነው።